አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር፦ የትኛው ግስ ማሰሪያ ይሁን?

ጥያቄ፦ «አጫጭር ልቦለዶችን እጽፋለሁ። ያነበቡልኝ ሰዎች "ጽሑፍህ ይቆራረጣል፣ ይደጋግማል" ይሉኛል። ዓረፍተ ነገሮቹን በ"እና" ባያያዝኳቸው ጊዜ ደግሞ ባሰባቸው። የቱን ከየቱ ጋር ላጣምር? አንድ ዓረፍተ ነገርስ ስንት ቃላት ቢኖሩት ይሻላል? ለምሳሌ ያህል አንድ አንቀጽ ልኬላችኋለሁ፦

በሩ ተንኳኳ። ማርታ ከአልጋዋ ተነሣች። መብራቱን አበራች። ወደ በሩ ሄደች። በሩን ከፈተች። አንድ ሽማግሌ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው አሮጌ ካፖርት ለብሶ ነበር። ካፖርቱ በዝናብ ርሶ ነበር። በእጁ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ደብዳቤውን ሰጣት። ማርታ ደብዳቤውን ተቀበለች። ፖስታውን አየች። የእጅ ጽሑፉን ለየችው። የእጅ ጽሑፉ የወንድሟ ነበር። ወንድሟ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

ምላሽ፦

በላኩት አንቀጽ ውስጥ ከየዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻውን ቃል ብቻ እየለቀሙ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፦ ተንኳኳ፣ ተነሣች፣ አበራች፣ ሄደች፣ ከፈተች፣ ነበር፣ ነበር፣ ነበር፣ ነበር፣ ሰጣት፣ ተቀበለች፣ አየች፣ ለየችው፣ ነበር፣ ሆኖታል። አንባቢዎችዎ «ይደጋግማል» ያሉት ይህንን ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በግስ ስለሆነ፣ ግሱም የባለቤቱን ምልክት በመጨረሻው ፊደል ላይ ስለሚሸከም፣ ባለቤቱ ሳይለወጥ በተከታታይ የሚመጡ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። በሴት ባለቤት ሲሆን «ች፣ ች፣ ች» ይላል፤ ሁኔታን ሲገልጽ «ነበር፣ ነበር» ይላል፤ በማስረጃ ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ነው፣ ነው» እያለ ይሄዳል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍን ምት መመርመር ያለብን በመጀመሪያ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ይህ የመጨረሻ ቃላት ንባብ ለማንኛውም ረቂቅ የሚያገለግል መፈተኛ ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሦስት ጊዜ በላይ ተከታትሎ ከመጣ ጸሐፊው አስቦበት ያደረገው መሆን አለመሆኑን ራሱን መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ርዝመቱ ነው። በአንቀጽዎ ውስጥ 15 ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ከሁሉም አጭሩ 2 ቃላት፣ ከሁሉም ረጅሙ 5 ቃላት አሉት። አንባቢ ይህን ባይቆጥረውም ይሰማዋል፤ አራት ነጥብ በደረሰ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፣ ከዚያም እንደገና ይነሣል። ማረፊያው ሁሉ ተቀራራቢ ርቀት ላይ ስለሆነ፣ መብራት ማብራትና የሞተ ወንድም ደብዳቤ ማግኘት በእኩል ክብደት ተነገሩ። እኔ ከምቱ መሰልቸት ይልቅ ዋና ጉዳት የምለው ይህንን ነው፤ አንቀጹ የትኛው ነገር እንደሚበልጥ ለአንባቢው አልነገረውም።

እዚህ ላይ የማሰሪያ አንቀጽ ጉዳይ ይመጣል። በሰዋስው መጻሕፍታችን ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋው ግስ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል፤ እንደ «ተነሥታ»፣ «አብርታ»፣ «ከፍታ» ያለው፣ ብቻውን ዓረፍተ ነገር መዝጋት የማይችለው ደግሞ ቦዝ አንቀጽ ይባላል። ከጽሑፍ አንቀጽ ጋር እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ «ማሰሪያ» እና «ቦዝ» ብቻ እላለሁ። ማሰሪያ የሆነ ግስ ይህ ሆነ ብሎ ለራሱ ያውጃል። ቦዝ የሆነ ግስ ግን ወደሚቀጥለው ግስ የሚያሻግር መንገድ ነው፤ ድርጊቱ እንደተፈጸመ ይነግረናል፣ ትኩረታችንን ግን አይዝም። እንግዲህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ስናጣምር የምናደርገው ሥራ አራት ነጥብን በነጠላ ሰረዝ መተካት ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ድርጊቶች የትኛው እንደሚታወጅና የትኛው መንገድ ሆኖ እንደሚያልፍ እየወሰንን ነው። «ደብዳቤውን አንብባ አለቀሰች» እና «እያለቀሰች ደብዳቤውን አነበበች» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁለቱንም ድርጊቶች ይዘዋል፤ የመጀመሪያው ግን ስለ ለቅሶ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ንባብ ነው።

«እና» ያልረዳዎትም በዚህ ምክንያት ነው። «ማርታ ከአልጋዋ ተነሣች እና መብራቱን አበራች እና ወደ በሩ ሄደች እና በሩን ከፈተች» ሲባል አራቱም ግሶች ማሰሪያ እንደሆኑ ቀርተዋል፤ አራቱም በ«ች» ያልቃሉ፤ አራቱም እኩል ይታወጃሉ። የተለወጠው ማረፊያው መጥፋቱ ብቻ ነው። ቀድሞ ቢያንስ አንባቢው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ነበረው፣ አሁን እሱንም አጣ። ራሱን ችሎ የሚቆም «እና» በስሞች መካከል ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ በማሰሪያዎች መካከል ሲደረደር ግን አማርኛው ይላላል።

አሁን ወደ አንቀጽዎ እንመለስና ከማጣመራችን በፊት 15ቱን ዓረፍተ ነገሮች በሚሠሩት ሥራ እንለያቸው። ለታሪኩ አዲስ ነገር የሚያመጡት አራት ናቸው፦ በሩ መንኳኳቱ፣ ሽማግሌው ቆሞ መገኘቱ፣ ጽሑፉ የወንድሟ መሆኑ፣ ወንድሟ ከሞተ ሦስት ዓመት መሆኑ። መነሣት፣ ማብራት፣ መሄድና መክፈት መንገድ ናቸው። ካፖርቱ፣ እርጥበቱና የያዘው ደብዳቤ የሽማግሌው ገለጻ ናቸው። መስጠት፣ መቀበል፣ ማየትና መለየት ከሽማግሌው ወደ ወንድሟ የሚያሻግሩ ናቸው። ከዚህ በኋላ የማጣመሪያው ዘዴ ከየክፍሉ ጠባይ ይመነጫል፤ መንገድ የሆነው በቦዝ ይያያዛል፣ ገለጻ የሆነው ወደ ስሙ ይጠጋል፣ አዲስ ነገር የሆነው ማሰሪያውን ይይዛል።

መንገዱን እንውሰድ። ሁሉንም ወደ ቦዝ ብንለውጣቸው «ማርታ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ መብራቱን አብርታ፣ ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችው» ይሆናል። ከመጀመሪያው እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን ጆሮዎን ቢያዘነብሉ «ተነሥታ፣ አብርታ፣ ሄዳ» የሚል ሌላ ድግግሞሽ ተወልዷል። ቦዝም እንደ ማሰሪያው የባለቤቱን ምልክት መጨረሻው ላይ ስለሚይዝ፣ ባለቤቱ ወንድ ቢሆን «ተነሥቶ፣ አብርቶ፣ ሄዶ» ይል ነበር። ከሁለት ቦዞች በኋላ ሌላ ዓይነት ማያያዣ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሦስተኛውን የምፈቅደው ድርጊቶቹ በእርግጥ ፈጣንና ተከታታይ ሲሆኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚያርፍበትን ያጣል። በእርስዎ አንቀጽ ላይ ደግሞ ከማጣመር በፊት መሰረዝ የሚገባው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ በሩን የከፈተ ሰው ወደ በሩ መሄዱ የታወቀ ነውና «ወደ በሩ ሄደች» የሚለው ይውጣ። የተቀረውን እንዲህ እናድርገው፦ «ማርታ ከአልጋዋ ተነሥታ መብራቱን አበራችና በሩን ከፈተች።» በ«አበራችና» ላይ የተጠጋችው «ና» ራሱን ችሎ ከቆመው «እና» በምት ትለያለች፤ ከግሱ ጋር ተጣብቃ ስለምትነበብ ድምፁ አይወድቅም፣ «ች» የሚለውም ድምፅ መጨረሻ ላይ መሆኑ ቀርቶ መሐል ይገባል። አንድ ቦዝ፣ አንድ «ና»፣ አንድ ማሰሪያ፤ ሦስት ድርጊቶች በሦስት የተለያዩ ድምፆች አለፉ።

ገለጻው የሚጠይቀው ሌላ ዘዴ ነው። «ሽማግሌው አሮጌ ካፖርት ለብሶ ነበር፤ ካፖርቱ በዝናብ ርሶ ነበር» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሽማግሌውንና ካፖርቱን ደግመው የጠሩት፣ ገለጻውን ከስሙ ለይተው ስላስቀመጡት ነው። «የ» በሚል ምዕላድ ገለጻውን ከስሙ ፊት ብናቆመው ድግግሞሹ በራሱ ይጠፋል፦ «በዝናብ የራሰ አሮጌ ካፖርት የለበሰ አንድ ሽማግሌ»። «ነበር»ን በተመለከተ ደግሞ አማርኛ የሚሰጠን ትልቅ ቁጠባ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የመጣ አንድ «ነበር» ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ወደ ኃላፊው ጊዜ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ «በእጁ ደብዳቤ ይዞ ቆሞ ነበር» ማለት «ይዞ ነበር፤ ቆሞ ነበር» የሚለውን ሙሉ በሙሉ ይተካል። ሁሉም ሲገናኝ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ይሆናሉ፦ «በዝናብ የራሰ አሮጌ ካፖርት የለበሰ አንድ ሽማግሌ በእጁ ደብዳቤ ይዞ ቆሞ ነበር።» እዚህ ላይ ርዝመቱ ሥራ ይሠራል። በሩ ሲከፈት የማርታ ዓይን ከካፖርቱ እስከ እጁ ይጓዛል፤ ዓረፍተ ነገሩም አብሯት ይጓዛል።

«የ» ግን በልክ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በአማርኛ ገላጩ ሁሉ ከሚገለጸው ስም በፊት ይመጣል። አንባቢው ገለጻውን እየተሸከመ ስለ ማን እንደሚነገረው ሳያውቅ ይሄዳል። ሁለት «የ» በቀላሉ ይሸከማል። «ከብዙ ጉዞ የመጣ፣ ፊቱ የገረጣ፣ በዝናብ የራሰ ካፖርት የለበሰ፣ በእጁ ደብዳቤ የያዘ አንድ ሽማግሌ» ብንለው ግን «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ገለጻ ረስቶታል። የ«የ» ሌላው ጠባይ ምስጢር አለመጠበቁ ነው። «የሟች ወንድሟን የእጅ ጽሑፍ ለየችው» ቢባል ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ይጣመራሉ፤ ሰዋስውም አይጎድለውም። ነገር ግን ታሪኩ ያረፈበት ነገር ገላጭ ሆኖ ከስሙ ፊት አለፈ፤ አንባቢው «የሟች» የሚለውን ቃል ሲያይ ሁሉ ነገር አለቀ። ገላጭ ማድረግ ያለብን አንባቢው እንደ ቀላል ነገር ቢቀበለው የማይጎዳንን ብቻ ነው።

የሽማግሌውና የማርታ መሰጣጣት ላይ አዲስ ችግር ይመጣል፤ ባለቤቱ ይለወጣል። ቦዝ ከማሰሪያው ጋር አንድ ባለቤት ሲጋራ በጣም የተመቸ ነው። «ዝናቡ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» እንደሚባለው ሁለት ባለቤቶችን የሚያገናኝበትም ጊዜ አለ፤ ሁለቱ ሰዎች ሲሆኑ ግን አንባቢው ድርጊቱን ለማን እንደሚሰጥ ሊሳሳት ይችላል። የዚህ ዓይነት ስሕተት በረቂቆች ላይ በብዛት ስለማየው ጥቂት ልቆይበት። «ሐኪሙ ሕመምተኛውን መረመረ። ሕመምተኛው ወጣ።» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንድ ጸሐፊ ለምት ብሎ «ሐኪሙ ሕመምተኛውን መርምሮ ወጣ» ቢላቸው ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ይፈሳል፤ የወጣው ግን ሐኪሙ ሆነ። ሁለቱም ወንዶች ስለሆኑ ግሱ ላይ የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም፤ ጸሐፊው ራሱ ማን እንደወጣ ስለሚያውቅ ደግሞ አይታየውም። መፍትሔው ባለቤት በሚለወጥበት ቦታ ቦዝን ትቶ «ከ…በኋላ»ን ወይም «ሲ»ን መጠቀም ነው፦ «ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ ሕመምተኛው ወጣ።» በእርስዎ አንቀጽ ላይ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት በመሆናቸው ግሶቹ ራሳቸው ይለዩአቸዋል፤ ስለዚህ «ደብዳቤውን ሲሰጣት ተቀብላ» ብንል ስማቸውን መጥራት እንኳ አያስፈልገንም።

ተመሳሳይ ስሕተት የሚፈጠርበት ሌላ ቦታ አለ፤ «ፖስታውን አይታ የእጅ ጽሑፉ የወንድሟ ነበር» የሚል ዓይነት። «አይታ» ሴት ባለቤት ይዛ መጣች፤ ማሰሪያው ግን ስለ ጽሑፉ ይናገራል፤ ያየችው ሴት ምን እንዳደረገች ሳይነገረን ቀረ። ይህን ለማግኘት ቦዙንና ማሰሪያውን ብቻ አውጥቶ ማንበብ ይበቃል፤ «አይታ ነበር» የሚለው ጥንድ የታሰበውን እንደማይናገር ወዲያው ያስታውቃል። «አይታ ለየችው» ግን ይቆማል። እኔ «አይታ» በሚለው ቦታ «እንዳየች» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «እንደ» ማየቱና መለየቱ ምንም ጊዜ ሳይፈጅ መከታተሉን ይናገራል፣ በተጨማሪም ከ«ተቀብላ» ቀጥሎ ሌላ ቦዝ እንዳይመጣ ያደርጋል። ዓረፍተ ነገሩም «ደብዳቤውን ሲሰጣት ተቀብላ ፖስታውን እንዳየች የእጅ ጽሑፉን ለየችው» ይሆናል።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ እነዚህን አላጣምራቸውም። ማጣመር ቢቻልማ «የእጅ ጽሑፉ ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነው የወንድሟ ነበር» ለማለት ይቻላል፤ ወይም በድርብ ሰረዝ «የወንድሟ ነበር፤ ወንድሟ ግን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል» ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ከላይ የተናገርኩትን ምስጢር የማውጣት ጥፋት ይሠራል። ሁለተኛው ጥፋት የለበትም፤ ሆኖም «ግን» የሚለው ቃል ተቃርኖውን ለአንባቢው አስቀድሞ ያስረዳዋል፣ ድርብ ሰረዙም ከድንጋጤው በፊት ሊኖር የሚገባውን ማረፊያ ያሳጥረዋል። ስለዚህ «የወንድሟ ነበር» የሚለውን ሁለት ቃል ለብቻው አቁሜ፣ አራት ነጥብ አድርጌ፣ የመጨረሻውን እርስዎ እንደጻፉት እተወዋለሁ። «የእጅ ጽሑፉ» የሚለውን ባለቤት ያስቀረሁት ከፊቱ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለተጠራ ነው። «ሆኖታል» የሚለው ግስም ይቆይ፤ ትረካው በኃላፊ ጊዜ ስለሚሄድ አንዳንድ አርታኢ «ሆኖት ነበር» ብሎ ሊያርመው ይችላል፤ ይህ ግን በአምስት ቃል ርቀት ውስጥ የነበረውን «ነበር» ይደግመዋል፣ ደግሞም ሒሳቡን በማርታ አእምሮ ውስጥ በዚያች ቅጽበት እየተሠራ እንዳለ የሚያስመስለውን «ሆኖታል»ን ያጠፋዋል።

አንቀጹ በሙሉ እንዲህ ይነበባል፦

በሩ ተንኳኳ። ማርታ ከአልጋዋ ተነሥታ መብራቱን አበራችና በሩን ከፈተች። በዝናብ የራሰ አሮጌ ካፖርት የለበሰ አንድ ሽማግሌ በእጁ ደብዳቤ ይዞ ቆሞ ነበር። ደብዳቤውን ሲሰጣት ተቀብላ ፖስታውን እንዳየች የእጅ ጽሑፉን ለየችው። የወንድሟ ነበር። ወንድሟ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

48 ቃላት የነበሩት 36 ሆነዋል፤ 15ቱ ዓረፍተ ነገሮች 6 ሆነዋል። በቅደም ተከተል ሲቆጠሩ 2፣ 7፣ 12፣ 8፣ 2 እና 5 ቃላት አሏቸው። የመጨረሻ ቃላቱን ያንብቡ፦ ተንኳኳ፣ ከፈተች፣ ነበር፣ ለየችው፣ ነበር፣ ሆኖታል። የመጀመሪያውን «በሩ ሲንኳኳ ማርታ ተነሥታ…» ብዬ ያላጣመርኩት መንኳኳቱ ታሪኩን የሚያስነሣ ድርጊት ስለሆነ ነው፤ «ሲንኳኳ» ቢሆን መንገድ ሆኖ ያልፍ ነበር። «የወንድሟ ነበር» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገርም ክብደት ያገኘው ከ12 እና ከ8 ቃላት በኋላ ስለመጣ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ ጋር በርዝመት ተቀራራቢ ስለነበር አጭርነቱ ለማንም አይሰማም ነበር።

ይህ ግን ብቸኛው ትክክለኛ ቅጂ አይደለም። ታሪኩ የፍርሃት ታሪክ ቢሆን፣ ማርታ በዚያ ሌሊት ማንንም የማትጠብቅና ከበሩ በስተጀርባ ያለውን የምትሠጋ ብትሆን፣ መንገዱ መንገድ መሆኑ ይቀርና እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ነገር ይሆናል። ያን ጊዜ «ተነሣች። መብራቱን አላበራችም። ወደ በሩ ሄደች። ጆሮዋን ለጠፈች።» ብሎ መቆራረጥ ተገቢ ነው። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፤ እዚህ እያንዳንዱ አጭር ዓረፍተ ነገር ካለፈው የበለጠ ነገር ይጨምራል፤ አለማብራቷና ጆሮዋን መለጠፏ አንባቢውን ያስጠጉታል። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው መምጣት የሚችሉት እንዲህ እየጨመሩ ሲሄዱ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው አንዱን ነገር በየተራ ሲነግሩን ግን መጣመር ይፈልጋሉ።

ማስረጃና ማብራሪያ በሚጻፍበት ጊዜ ጉዳዩ ጥቂት ይለያል፤ እዚያ ማጣመር የሚያስገድደን በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት እንድንናገር ነው። «ጨረቃ የምድር ሳተላይት ናት። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። ጨረቃ የፀሐይን ብርሃን ታንጸባርቃለች።» የሚሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ያለውን ዝምድና ግን አንባቢው ራሱ እንዲፈልግ ትተውታል። «የምድር ሳተላይት የሆነችው ጨረቃ የራሷ ብርሃን ስለሌላት፣ ሌሊት የምናየው ብርሃኗ ከፀሐይ ተቀብላ የምታንጸባርቀው ነው» ስንል የመጀመሪያው ገላጭ ሆነ፣ ሁለተኛው ምክንያት ሆነ፣ ሦስተኛው ማሰሪያውን ያዘ። በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ቦዝን ብቻ መደርደር አይበቃም፤ ቦዝ ቅደም ተከተልን እንጂ ምክንያትን በግልጽ አይናገርም። «ዘግይቶ ተነሥቶ ባቡሩ አመለጠው» ከሚባል «ዘግይቶ በመነሣቱ ባቡሩ አመለጠው» ይሻላል። አሉታ ሲመጣም ቦዝ የራሱ አሉታዊ መልክ ስለሌለው «ሳይ» ይተካዋል፦ «ደብዳቤውን አላነበበም። ወረወረው።» የሚለው «ደብዳቤውን ሳያነብ ወረወረው» ይሆናል።

ማጣመርን የለመደ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ወደ ሌላው ጫፍ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን መጀመሪያ፣ ማሰሪያውን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ የምንጨምረው ሁሉ በሁለቱ መካከል ይገባና ያራርቃቸዋል። «ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት በተካሄደው ስብሰባ በአባላቱ የቀረበው፣ ብዙ ጊዜ ያወያየውና በመጨረሻም በድምፅ ብልጫ የተወሰነው ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ አዘዘ» የሚለውን ይመልከቱ። «አዘዘ» ላይ የደረሰ አንባቢ ያዘዘው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ጮክ ብለው ሲያነቡ ወደ ኋላ መመለስ ያሰኘዎት ቦታ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት። አንዱ መድኃኒት ባለቤቱን ወደ ማሰሪያው ማስጠጋት ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ላይ ስለሚያመለክት ስሙ ዘግይቶ ቢመጣ ችግር አይፈጥርም፤ «ከአልጋዋ ተነሥታ መብራቱን ካበራች በኋላ ማርታ በሩን ከፈተች» ማለት ይቻላል። ሌላው መድኃኒት መቁረጥ ነው፦ «ባለፈው ሳምንት ስብሰባ አባላቱ ያቀረቡት ሐሳብ ብዙ ካወያየ በኋላ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ኮሚቴውም ሐሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ አዘዘ።» ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያለ ማጣመር ያገናኘቻቸው «ኮሚቴውም» ላይ ያለችው «ም» ናት።

ስንት ቃል ይሻላል ለሚለው ጥያቄዎ አንድ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ የአማርኛ ቃል አንዳንዴ «እስኪያስረዷቸው» እንደሚለው ባለቤትን፣ ተሳቢንና ማያያዣን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ቃል መቁጠር ርዝመትን በልኩ አይለካም። ቁጥር የሚጠቅመው ለንጽጽር ነው። ረቂቅዎን ሲጨርሱ ከአንድ ገጽ ላይ የየዓረፍተ ነገሩን የቃላት ብዛት በኅዳጉ ላይ ይጻፉ። ከአምስት በላይ የሆኑ ተከታታይ ዓረፍተ ነገሮች ቁጥር በጣም ከተቀራረበ፣ ሁሉም አጫጭር ይሁኑ ሁሉም ረጃጅም፣ እዚያ ቦታ ላይ ያቁሙና ከመካከላቸው የትኛው ግስ ማሰሪያ መሆን እንደሚገባው እንደገና ይወስኑ። ይህን ሥራ ግን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አይጀምሩት። ታሪኩ ምን እንደሚያውጅ ሳይታወቅ የተጣመረ ዓረፍተ ነገር በኋላ መፈታቱ አይቀርም፤ አጫጭሮቹን እንደመጡልዎ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ማጣመሩ ይቀላል።